ከላቡ በፊት ምን መጣ?

ሌሊት የሚያልበው ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ስለ ላቡ ብቻ ነው። «ላብ በላብ ሆኜ እነቃለሁ፤ ፒጃማዬን ቀይሬ ተመልሼ እተኛለሁ፤ አንሶላው ቢጨመቅ ውሃ ይወጣዋል» ይላል። እውነቱን ነው። ሐኪሙ ግን ከዚህ ብቻ ተነስቶ ብዙ ርቀት መሄድ አይችልም። የሳንባ ነቀርሳ ላብ፣ የማረጥ ላብና ደም ውስጥ ስኳር ሲያንስ የሚመጣው ላብ አንሶላ ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለያቸው ከላቡ በፊት የነበረው ጥቂት ጊዜ ነው። ሰውየው በርዶት ሲንቀጠቀጥ ነበር? ምንም ሳይበርደው ሙቀት በድንገት ደረቱንና ፊቱን ወረረው? ወይስ ርቦት፣ ልቡ እየመታ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው የነቃው? ይህን በትክክል የሚያውቀው ታማሚው ራሱ ወይም አጠገቡ የተኛው ሰው ነው። ስለዚህ የምርመራው ግማሽ የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያ ግን ሁሉም ላብ የበሽታ አይደለም። በር ዘግቶ፣ ጋቢ በብርድ ልብስ ላይ ደርቦ የተኛ ሰው ቢያልበው አይገርምም። ውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎችም በክረምት ማሞቂያውን ሌሊቱን ሙሉ ለኩሰው ያድራሉና ይኸው ይገጥማቸዋል። ድርቡን ቀንሶ፣ መስኮት ገርበብ አድርጎ ጥቂት ሌሊት ማየት ነው። ሐኪሞች የሌሊት ላብ ብለው የሚጨነቁበት ክፍሉ ሳይሞቅ፣ ልብሱ ሳይበዛ፣ የሌሊት ልብስ ወይም አንሶላ እስኪያስቀይር ድረስ የሚፈሰውንና የሚደጋገመውን ነው።

የሰውነታችንን ሙቀት የሚቆጣጠረው አንጎል ሥር ያለ ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል ነው። ሥራው የኤሌክትሪክ ምጣድ ማስተካከያ ከሚሠራው ጋር ይመሳሰላል፤ መጠኑ የተሞላበት ቦታ እስኪደርስ ያሞቃል፣ ካለፈ ያቀዘቅዛል። ጤነኛ ሰው ላይ መጠኑ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ዝቅ ካለ እንንቀጠቀጣለን፣ ከፍ ካለ እናልባለን። ይህም ልክ ቀንና ሌሊት እኩል አይደለም። አመሻሽ ላይ ከፍ ይላል፣ ሊነጋጋ ሲል ከሌሊቱ 10 እና 11 ሰዓት አካባቢ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ሰውነት ሙቀት የሚያራግፍበት ዋናው ጊዜ ሌሊት ነው። ለበሽታ ላብ ሌሊቱ የሚመቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብርድ ቀድሞ ከመጣ

ኢንፌክሽን ሲገባ ተሕዋሲያኑን የሚዋጉት የደም ሴሎች የሚያመነጩት ኬሚካል ሃይፖታላመስ ላይ ደርሶ መጠኑን ወደ ላይ ያዞረዋል። 37 የነበረው 39 ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሰውየው ሙቀት 37 ቢሆንም አንጎሉ ሁለት ዲግሪ እንደጎደለው ይቆጥረዋል። ስለዚህ ይበርደዋል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ ብርድ ልብስ ይደርባል። ሙቀቱ 39 ሲደርስ ብርዱ ይተወውና ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል። በኋላ መጠኑ ወደ 37 ሲመለስ ደግሞ ያ ሁሉ ትርፍ ሙቀት መውጣት አለበትና ላብ ይፈስሳል። የኢንፌክሽን ላብ እንግዲህ የትኩሳት መጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉ ብርድ፣ ትኩሳት፣ ላብ ነው።

ወባ ይህን ከሁሉም በሽታ ይልቅ ግልጥ አድርጎ ያሳያል። ብርዱ ከሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል፤ ትኩሳቱ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት፤ ከዚያ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት የሚዘልቅ ላብ ይከተላል። ካላበው በኋላ ሰውየው ይቀልለዋል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ አንዳንዴ በማግስቱ ሥራ ይገባል። አገራችን ውስጥ «ላብ ወጣለት፣ ተሻለው» የሚባለው ከዚህ ዓይነቱ ልምድ የመጣ ነው። ምች ነው ተብሎ ዳማ ከሴ የሚሰጠውም ያልበው ዘንድ ነው። ለዚያች ሌሊት አባባሉ ትክክል ነው፤ ትኩሳቱ በእርግጥ ወርዷል። በሽታው ግን የትም አልሄደም። ወባ ከሆነ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ያው ብርድ ተመልሶ ይመጣል። ከደጋ ወደ ቆላ ለሥራ ወይም ለመኸር ወርዶ የተመለሰ ሰው ላብ ወጣልኝ ብሎ የደም ምርመራ ሳያደርግ እንዲቀመጥ ማድረግ አደገኛ ነው። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ስለሚችል፣ ጉዞው ቆየት ያለ ቢሆንም ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል።

የሳንባ ነቀርሳ አመጣጥ ከዚህ ይለያል፤ የሚዘገየውም ለዚህ ነው። ትኩሳቱ ዝቅተኛ ነው፤ አመሻሽ ላይ ይጀምራል፤ ብርዱም የሚያንቀጠቅጥ ሳይሆን «ሰውነቴን ቅዝቅዝ አለኝ» የሚያሰኝ ነው። ብዙ ሰው ትኩሳት እንዳለው እንኳ አያውቅም። ሌሊት ሲወርድ ያልበዋል፣ ጠዋት ሙቀቱ ሲለካ ልክ ነው። በዚህ ሁኔታ ሳምንታት ይነጉዳሉ፤ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ይገባል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ የሚጠይቋቸው አራቱ ምልክቶች ናቸው። ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ያለ ሰው ሲሆን ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ከአራቱ አንዱ ለአንድ ቀን እንኳ ቢታይ ይመረመራል።

እዚህ ላይ ሳል የሌለበት ቲቢ ብዙ ሰው እንደሚያታልል መናገር አለብኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሳንባ ውጭ የሚወጣው ቲቢ ቁጥሩ ትልቅ ነው። በተለይ አንገት ላይ የሚወጣው ንፍፊት የተለመደ ነው፤ ያብጣል፣ ብዙም አያምም፣ ቆይቶ ይፈርጣል። ይህ ሰው አያስለውም፤ አክታ የለውም። ያለው አንገቱ ላይ ያለችው እብጠትና ሌሊት ሌሊት የሚመጣው ላብ ነው። ሳል የለብኝም ብሎ ቲቢን ከሐሳቡ ያወጣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሳል ካለ አክታ ተወስዶ ጂን ኤክስፐርት በተባለው መሣሪያ ይመረመራል። መሣሪያው በሁለት ሰዓት ገደማ የቲቢውን ባክቴሪያ መኖር ብቻ ሳይሆን ዋናውን መድኃኒት ሪፋምፒሲንን የተላመደ መሆን አለመሆኑንም ይለያል። ንፍፊት ከሆነ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት መድኃኒት፣ ቀሪዎቹ አራት ወራት ሁለት መድኃኒት። በመንግሥት ጤና ተቋማት ክፍያ አይጠየቅበትም። መድኃኒቱ በአግባቡ ከሠራ ላቡ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቆማል፤ ክብደትም ይመለሳል። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ላቡ ስለቆመ የዳነ ይመስለዋል። ባክቴሪያው ግን ገና አላለቀም።

የአንገት ወይም የብብት ንፍፊት ሁሉ ቲቢ አይደለም። ሊምፎማ የሚባለው የዕጢዎች ካንሰርም ያብጣል፣ ያስልባል፣ ያከሳል። ሐኪሞች የሊምፎማን ደረጃ ሲያወጡ ለሦስት ነገር የተለየ ቦታ ይሰጣሉ፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ አንሶላ የሚያረጥብ ላብ፣ በስድስት ወር ውስጥ ከክብደት አሥር ከመቶ በላይ መቀነስ። 60 ኪሎ የነበረ ሰው ከ54 በታች ሲወርድ ማለት ነው። በመርፌ የተወሰደው ናሙና በትክክል ካልለየ ወይም እብጠቱ በቲቢ መድኃኒት አልመለስ ካለ ዕጢው ራሱ ወጥቶ መመርመር አለበት። ያለ ምርመራ በግምት የተጀመረ የቲቢ ሕክምና ሊምፎማን ወራት ሊያስረሳ ይችላል።

ከአገር ርቀው ለሚኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። የቲቢ ባክቴሪያ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ለዓመታት ሊቆይና በኋላ ሊነሳ ይችላል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ሐኪም ሌሊት ያልበኛል የምትለውን የ50 ዓመት ሴት ሲያይ ቶሎ የሚታየው ማረጥ ነው። የተወለደችበትን አገር፣ በቤተሰብ ውስጥ ቲቢ የታከመ ሰው መኖሩን እሷ ራሷ ብትነግረው ምርመራውን ያሳጥራል።

ሙቀት ቀድሞ ከመጣ

ማረጥ የሚያመጣው ላብ ተገላቢጦሽ ነው። በፊቱ ብርድ የለም። ሴቲቱ ተኝታ ሳለች ድንገት ከደረቷ የሚነሳ ሙቀት ወደ አንገቷና ፊቷ ይወጣል፤ ትቀላለች፤ ልቧ ይመታል፤ ብርድ ልብሱን ትገፋለች፤ ከዚያ ላቡ ይመጣል። ይህ ሁሉ ከአንድ እስከ አምስት ደቂቃ ነው። ብርዱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ የረጠበ ልብስ ለብሳ ትንቀጠቀጣለች። ብርዱ ከላቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ጥያቄ ምንም ወጪ የሌለው፣ ግን ብዙ የሚለይ ጥያቄ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ ሃይፖታላመስ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ነርቮች ከልክ በላይ ይነቃሉ። በዚህ ጊዜ ሰውነት ሳያልበውም ሳይበርደውም የሚችለው የሙቀት ልዩነት በጣም ይጠባል። በፊት ሙቀቷ ትንሽ ከፍ ቢል ምንም የማይሰማት ሴት አሁን ያችው ትንሽ ከፍታ ላብ ታመጣባታለች። በሽታ የለም፤ ትኩሳትም የለም። ሙቀት መለኪያ ብብቷ ሥር ብታደርግ ልክ ነው የሚያሳየው። በአሜሪካ ብዙ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው ይህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ከሚቆጠበው በላይ ይቆያል፤ ከሴቶቹ ግማሽ በሚሆኑት ከሰባት ዓመት በላይ ዘልቋል። ስለዚህ «ያልፋል፣ ቻይው» ማለት መልስ አይሆንም። ሕክምና አለው። የሆርሞን መድኃኒት በደንብ ይሠራል፤ ግን የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት የገጠማት ሴት አትወስደውም። በ2023 ደግሞ ያን ነርቭ በቀጥታ የሚያረጋጋ ሆርሞን ያልሆነ ክኒን አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። የጡት ካንሰር ታክማ ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት፣ ለፕሮስቴት ካንሰር ሆርሞን የሚያግድ መርፌ የሚወጋ ወንድም ይኸው ዓይነት ላብ ያልባቸዋል።

አራስም ያልባታል። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ኤስትሮጅን በድንገት ይወርዳል፤ በእርግዝና ጊዜ የተጠራቀመው ውሃም ይወጣል። ላይዋ ላይ ጋቢ ተደርቦ፣ በር ተዘግቶ፣ ትኩስ ገንፎ እየበላች ብዙ ብታልብ የሚያስደነግጥ አይደለም። ግን አራስ ቤት ሁሉም ላብ የወሊድ ነው ተብሎ የሚታለፍ ከሆነ የማህፀን ኢንፌክሽን ያመልጣል። ብርድ ብርድ ካላት፣ ሆዷን ከታች ካመማት፣ የሚወጣት ደም ከሸተተ፣ ሙቀቷ 38 ከደረሰ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለባት። ነገ ይታያል የሚባል ነገር አይደለም።

እንቅርት ወይም ታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራም ያስልባል፤ ግን ሌሊት ብቻ አይደለም። ቀንም ይሞቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይሮጣል፣ እየበላ ይከሳል። በአንድ የደም ምርመራ ይታወቃል።

ረሃብና መንቀጥቀጥ ቀድሞ ከመጣ

ሦስተኛው ላብ ሰው ብዙም የማያስበውና በአንድ ሌሊት ሊገድል የሚችለው ነው። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ሲወስድ ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ሰውነት ይህን ሲያውቅ አድሬናሊን ይለቃል። አድሬናሊኑ ልብን ያስመታል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል፣ ላብ ያፈስሳል። ላቡ ቀዝቃዛ ነው፤ ቆዳው ሲነካ ይቀዘቅዛል እንጂ አይፋጅም። ችግሩ በእንቅልፍ ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ መዳከሙ ነው። ሰውየው ሳይነቃ ይቆያል፤ ሕልሙ ይረበሻል፤ ይቃዣል፤ ሲነቃ አንሶላው ርሷል፤ ጠዋት ራሱን ያመዋል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል የሚወስድ ከሆነ ደግሞ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ይደበቃሉ፤ ላቡ ግን አይደበቅም። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ላብ ብቸኛው ደወል ሊሆን ይችላል።

ሦስቱ እንዴት እንደሚደራረቡ ለማየት አንዲት ሴት እናስብ። 51 ዓመቷ ነው። ስኳር ካለባት ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ሜትፎርሚንና ጠዋትና ማታ አንዳንድ ባለ 5 ሚሊግራም ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። የወር አበባዋ ከዓመት ወዲህ እየዘለለ ይመጣል። ወንድሟ ባለፈው ዓመት እዚያው ቤት ሆኖ የቲቢ ሕክምና ጨርሷል። ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ያልባታል። ጎረቤቶቿ «ማረጥሽ ነው» ይሏታል፤ እሷ የምትፈራው የወንድሟን በሽታ ነው። ሁለቱም አሳማኝ ነው።

ወደ ሐኪም ከመሄዷ በፊት አንድ ሳምንት ደብተር ትይዛለች። ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ምንም የትኩሳት ማስታገሻ ሳትወስድ፣ ሙቀቷን ትለካለች። ሌሊት ላብ ሲያነቃት ሰዓቱን፣ ቀድሞ የተሰማትን፣ ከተቻለ የጣቷን ስኳር ትመዘግባለች። ማታ ምን ያህል እንደበላች፣ ክኒኑን ስንት ሰዓት እንደዋጠች ትጽፋለች። በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩ ላይ የሚታየው ይህ ነው። የማታ ሙቀቷ በየቀኑ ከ36.5 እስከ 36.9 ነው። ክብደቷ አልቀነሰም። ሦስት ሌሊት ከእኩለ ሌሊት በፊት ሙቀት ፊቷን አቃጥሏት፣ ጥቂት አልቧት፣ በአምስት ደቂቃ አልፏል፤ ያኔ የለካችው ስኳር 131 ነበር። ሁለት ሌሊት ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዠት ነቅታ፣ ርቧት፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ አንሶላው ረጥቦ አግኝታዋለች። ስኳሯ 52 ነበር። ሁለቱም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንዴ ብቻ በልታ ማታ ምንም ሳትቀምስ፣ ክኒኑን ግን ሳትተው የተኛችባቸው ሌሊቶች ናቸው።

ስለዚህ ጎረቤቶቿ ግማሹን አውቀውታል። ትንሹ ላብ የማረጥ ነው። አንሶላ የሚያረጥበው የክኒኑ ነው። ሁለት ምክንያት በአንድ ሰው ላይ አብሮ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። አንዱ ሲገኝ ሌላውን መፈለግ ማቆም ነው የሚጎዳው።

52 ያየች ጊዜ ማድረግ ያለባት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ማለትም 15 ግራም ገደማ፣ በውሃ በጥብጣ መጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ትደግመዋለች። ከተስተካከለ ዳቦ ወይም እንጀራ ትበላለች፤ ግሊቤንክላማይድ ደም ውስጥ እስከ ቀን ሙሉ ሊሠራ ስለሚችል ስኳሩ ብቻውን አይበቃም፣ ተመልሶ ይወርዳል። መለኪያ የሌለው ሰው ኢንሱሊን ወይም ይህን ክኒን የሚወስድ ከሆነና እንዲህ ከነቃ መለኪያ ፍለጋ ጊዜ አያጥፋ፤ ስኳሩን ይጠጣ። የማይናገር፣ የማይነቃ ሰው አፍ ውስጥ ግን ስኳርም ማርም አይጨመርም፤ ወደ ሳንባው ይሄዳል። በቶሎ ሐኪም ቤት መድረስ ነው ያለበት።

ሐኪሙ ደብተሩን ሲያይ የማታውን ክኒን ይቀንሳል ወይም ስኳር ወደማያወርድ መድኃኒት ይለውጠዋል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ እንዲህ ያለ ችግር እምብዛም አያመጣም። ክሬቲኒን የተባለውን የኩላሊት ምርመራም ያዝዛል፤ ኩላሊት ሲደክም ግሊቤንክላማይድ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ለዓመታት ተስማምቶ የነበረ መጠን ድንገት ይበዛል። ስለ ጾሙ ደግሞ ከንስሐ አባቷ ጋር መነጋገር አለባት። ረመዳንን የሚጾም የስኳር ሕመምተኛም ጾሙ ከመግባቱ በፊት መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ይኖርበታል። እና የወንድሟ ነገር? ስኳር ያለበት ሰው በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሆነ፣ ትኩሳትና ሳል ባይኖራትም አንድ የደረት ራጅ መነሳቷ ተገቢ ነው። ሐኪሙ መልሱን አገኘሁ ብሎ ይህን ቢዘል አልስማማም።

ኢንሱሊን የሚወጉትም ሰዓቱን ልብ ይበሉ። ደመናማ መልክ ያለው ኤን ፒ ኤች የተባለው ኢንሱሊን ከተወጉት በኋላ ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚበረታው። ምሽት 12 ሰዓት ላይ የተወጋ ሰው መድኃኒቱ የሚጠነክርበት ከሌሊቱ አራት እስከ አሥር ሰዓት ነው፤ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ። የሌሊት ላብ ካለ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ማንቂያ ሞልቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መለካት ከብዙ ግምት ያድናል።

ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊንን የመሳሰሉ የድብርት መድኃኒቶች ከሚወስዱ አሥር ሰዎች አንዱን ያህል ከልክ በላይ ያስልባሉ። ለነርቭ ሕመምና ለማይግሬን የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ። ላቡ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ ሳምንታት ውስጥ ይመጣል፤ ስለዚህ ሁለቱን ቀን ማስተያየት ነው። በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆም ግን ማዞርና መረበሽ ያመጣል፤ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም መድኃኒቱን ሊቀይር ይችላል። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው አልኮል ድንገት ሲያቆምም ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፤ ይህ ከበረታ የሚጥል ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል ቤት ውስጥ የሚያልፍ ነገር አይደለም።

ሁላችንም ቤት ያለው ፓራሲታሞል ደግሞ በሁለት መንገድ ያሳስታል። ትኩሳቱን ሲያወርድ ላብ ያስከትላል፤ ማታ የዋጠው ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ያልበዋል። ጠዋት ሙቀት መለኪያው ምንም አያሳይም፤ ሰውየው ትኩሳት የለብኝም ብሎ ለሐኪም ይነግራል። ስለዚህ ሙቀት ከመድኃኒቱ በፊት ነው የሚለካው፤ ብብት ሥር 37.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ በየማታው ፓራሲታሞል እየዋጡ መተኛት የቲቢን ወይም የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽንን ምልክት ለሳምንታት መደበቅ ነው። ከልጅነቱ የልብ ቫልቭ ችግር ያለበት ሰው በተለይ ይህን አያድርግ። ትኩሳትና የሌሊት ላብ ከጀመረው ፀረ ተሕዋስያን ከመጀመሩ በፊት ደሙ ለካልቸር መወሰድ አለበት፤ መድኃኒቱ ከቀደመ ባክቴሪያው ላይገኝ ይችላል።

ምርመራው ሁሉ ተደርጎ ምንም የማይገኝባቸው ሰዎችም ብዙ ናቸው። ትኩሳት የላቸውም፣ ክብደታቸው አልቀነሰም፣ ደማቸውና ራጃቸው ንጹሕ ነው። እነዚህን ሰዎች ካንሰር ይሆናል እያሉ ከአንድ ምርመራ ወደ ሌላ ማንገላታት አይጠቅምም። አንዳንዱ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚያልበው ሆኖ ይገኛል፤ ይህን የምትናገረው አጠገቡ የምትተኛው ሚስቱ ናት። ለቀሩት የሚበቃው በየወሩ በአንድ ሚዛን መመዘን፣ አንገትና ብብት ላይ አዲስ እብጠት መኖሩን በእጅ መዳሰስና ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን ይዞ ተመልሶ መታየት ነው። ክብደቱ ሳይፈልግ እየወረደ ከሄደ፣ እብጠት ከወጣ ወይም የማታ ትኩሳት ከጀመረ ሦስቱን ወር አይጠብቅ።